«ሰላም፣ ተኛህ እንዴ?»

ከምሽቱ 5 ሰዓት ከ10 ላይ ስልኬ ጮኸ። መብራት አጥፍቼ ጋደም ብያለሁ። «ሰላም፣ ተኛህ እንዴ?» ይላል መልእክቱ። የጻፈችልኝ ለድርጅቶች ሠራተኛ የምታፈላልግ ሪክሩተር ናት። «ኧረ አልተኛሁም» ብዬ መለስኩ። እውነቱን ለመናገር ግማሹን ተኝቻለሁ። ወዲያው ቀጠለች። «ፎርሙ ላይ የምትፈልገውን ደሞዝ መሙላት አለብኝ። ስንት ልበል?»

አንድ ቁጥር ጻፍኩላት። ስልኩን አስቀምጬ ተኛሁ።

ጠዋት ስነቃ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ ያ ቁጥር ነው። ሥራ መፈለግ ስጀምር ቁጭ ብዬ ሁለት ቁጥሮች ወስኜ ነበር። አንዱ የምጠይቀው ነው። ሌላው «ከዚህ በታች ከሆነ ባለሁበት ይሻለኛል» ያልኩት፣ ለማንም የማልናገረው። ማታ የጻፍኩላት ሁለተኛውን ነው። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ለማስተካከል ስጽፍላት «ውይ፣ ማታውኑ ልኬዋለሁ እኮ» አለችኝ።

እስከዚያች ቀን ድረስ የማታ መልእክት የእንቅልፍ ጉዳይ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ትንሽ ይረብሻል፣ ይታለፋል። ከሪክሩተር ጋር የሚደረግ ቻት ግን ወሬ አይደለም። እዚያ የምትጽፉት ቁጥር፣ ሥራ የምትጀምሩበት ቀን፣ «አዎ፣ ላኪልኝ» የምትሏት ቃል በቀጥታ ወደ ፎርም ይገባል። ስለዚህ ስንት ሰዓት ላይ እንደምትመልሱ መወሰን የድርድሩ አንድ አካል ነው። ይህን የተማርኩት በራሴ ጥፋት ስለሆነ እንዴት እንዳስተካከልኩት ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ተናደድኩ። ከዚያ «ይቺ ልጅ ሰዓት አታውቅም እንዴ?» እያልኩ ቻታችንን ወደ ላይ መጎተት ጀመርኩ። ሐሳቤ ጥፋቷን መቁጠር ነበር። ቆጠርኩ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ከላከችልኝ 26 መልእክቶች 17ቱ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ወይም ቅዳሜና እሁድ የመጡ ናቸው። እሺ፣ ጥፋተኛ ናት። ከዚያ ግን የእኔን መልስ አየሁ። ከ17ቱ ውስጥ 14ቱን በአሥር ደቂቃ ውስጥ መልሻለሁ። አንዱን እሁድ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ፣ ያውም በፈገግታ ኢሞጂ። ቀን ላይ የጻፈቻቸውን ደግሞ ሥራ ላይ ስለምሆን አራትና አምስት ሰዓት ቆይቼ ነው የመለስኩት።

በእሷ ቦታ ሆናችሁ አስቡት። ይህ ሰውዬ ቀን አይገኝም፣ ማታ ግን ወዲያው ይገኛል። እኔም ብሆን ማታ ነው የምጽፍለት። አስተማሪዋ እኔው ነበርኩ።

እናንተም ማንንም ከመውቀሳችሁ በፊት ይህን ቆጠራ አድርጉ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ችግሩ ከእሷ ልማድ የመጣ ይሁን ከእናንተ መልስ ያሳያችኋል። መፍትሔው የተለያየ ነው።

ከቆጠራው በኋላ ያደረግኩት ነገር ግን ስህተት ነበር። ምንም ሳልናገር ዝም አልኩ። ቻቷን ሚዩት አድርጌ ዓርብ ከሥራ ወጣሁ፣ ሰኞ ጠዋት ከፈትኩት። ዓርብ ማታ 2 ሰዓት ከ50 ላይ «ሰላም» ብላለች። ትንሽ ቆይታ «አለህ?»። ቅዳሜ ጠዋት «ስትመቸኝ ጻፍልኝ»። (ሲመችህ ለማለት ነው፤ እሷም ቸኩላለች።) እሁድ ከሰዓት በኋላ ደግሞ «እሺ በቃ፣ ለሌላ ሰው ሰጥቼዋለሁ፣ ችግር የለም»። ምኑን ነው የሰጠችው? ስጠይቃት ለካ ድርጅቱ ሰኞ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ የኢንተርቪው ቦታ ከፍቶ ኖሯል።

በዚህ ማን እንዳጠፋ ብዙ አስቤበታለሁ። እሷ «ሰላም» እና «አለህ?» ከማለት ይልቅ ጉዳዩን ብትጽፈው ኖሮ፣ ሚዩት ቢደረግም ቅዳሜ ጠዋት በጨረፍታ ሳየው ይገባኝ ነበር። እኔ ደግሞ የማልመልስበትን ሰዓት ብነግራት ኖሮ በሌላ መንገድ ትፈልገኝ ነበር። ገደቡ በልቤ ውስጥ ብቻ ስለነበር ለእሷ ገደብ ሳይሆን መጥፋት ነው።

ስለዚህ ልነግራት ወሰንኩ። መልእክቱን ሦስት ጊዜ ጻፍኩት።

የመጀመሪያው «እባክሽ ከሥራ ሰዓት ውጭ አትጻፊልኝ» የሚል ነበር። አጭርና ግልጽ ነው፤ ግን ሁለት ችግር አለበት። አንደኛ፣ ትእዛዝ ነው። ሁለተኛው ይብሳል፤ «የሥራ ሰዓት» ማለት ለእኔ ሌላ መሥሪያ ቤት ተቀምጬ ስልኬን መክፈት የማልችልበት ሰዓት ነው። ሥራ ላይ ሆኖ ሌላ ሥራ የሚፈልግ ሰው ይህን ዓረፍተ ነገር ከላከ «መቼም አትጻፊልኝ» እንዳለ ይቆጠራል።

ሁለተኛው ይቅርታ ብቻ ነበር። «በጣም ይቅርታ፣ እንዳይከፋሽ፣ አውቃለሁ ሥራሽ ነው፣ ግን አንዳንዴ ማታ ላይ ትንሽ...» እያለ ይሄዳል። አንብቤው እኔም ምን እንደምፈልግ አልገባኝም። እንዲህ ሲጻፍላት «ኧረ ችግር የለም፣ ሲመችህ መልስ!» ትላለች፣ ያው ይቀጥላል።

አንድ ነገር ደግሞ ሊያሳስተኝ ነበር። መጀመሪያ ስንጻጻፍ «እርስዎ» ነበር የምንባባለው። በሁለተኛው ሳምንት «አንተ» እና «አንቺ» ሆነ፣ ማን እንደጀመረው አላስታውስም። ይህን መልእክት ስጽፍ ጨዋ ለመሆን ብዬ ወደ «እርስዎ» ተመለስኩ። ሳነበው የተኮራረፉ ሰዎች ደብዳቤ መሰለ። ተቀራርቦ ሲያበቃ ድንገት አንቱ ማለት በእኛ ቋንቋ አክብሮት ሳይሆን ቅያሜ ነው። መልሼ «አንቺ» አደረግኩት። ትሕትናውን «ካላስቸገረሽ» የምትለዋ ቃል ትሸከመው።

ሦስተኛው፣ የላክሁት፣ ይኸውና፦

«ሰላም፣ እንደምን ዋልሽ? ባለፈው ሳምንት ከሁለቱ ድርጅቶች ጋር ስላገናኘሽኝ አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ላሳውቅሽ ብዬ ነው። ቀን ሥራ ላይ ስለምሆን መልእክት የማየው በምሳ ሰዓት ከ6 ተኩል እስከ 7 ተኩል፣ ከሥራ ስወጣ ደግሞ ከ11 ተኩል እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ነው። በእነዚህ ሰዓቶች የጻፍሽልኝን በዚያው ቀን እመልሳለሁ። ከ2 ሰዓት በኋላና ቅዳሜና እሁድ የመጣውን በሚቀጥለው የሥራ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ እመልሳለሁ። በማግስቱ ጠዋት የሚያልፍበት ነገር ካለ፣ ለምሳሌ ኢንተርቪው ከተቀየረ፣ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት አንድ ጊዜ ደውዪልኝ፣ አነሳለሁ። ካላስቸገረሽ ደግሞ ጉዳዩንና እስከ መቼ መልስ እንደምትፈልጊ በአንድ መልእክት ጻፊልኝ፤ ቶሎ ለመመለስ ይረዳኛል።»

ትንሽ ረዘም ይላል፤ ግን እያንዳንዱ ነገር ምክንያት አለው። «አትጻፊ» የሚል ቃል የለበትም። እሷ መቼ እንደምትጽፍ የእሷ ጉዳይ ነው፤ እኔ መቼ እንደምመልስ ግን የእኔ ነው። ስለ ራሳችሁ ስትናገሩ የሚከራከራችሁ አይኖርም። ምስጋናውም ሽንገላ አይደለም፤ በትክክል ያደረገችውን ነገር ጠቅሻለሁ። ከሁሉም በላይ ግን ሰዓቶቹ በቁጥር ተቀምጠዋል። «ማታ ማታ» ብላችሁ ከጻፋችሁ ለአንዱ ማታ 1 ሰዓት ነው፣ ለሌላው 5 ሰዓት።

የአስቸኳዩ መንገድ ደግሞ የግድ ያስፈልጋል። መውጫ የሌለው ገደብ ሲያስቸግር ይጣሳል። መውጫውን ግን ጠባብ አድርጉት፦ ጥሪ ብቻ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ እስከ 3 ሰዓት ብቻ፣ ምሳሌም አብሮት። ሰው «ሰላም» ብሎ ለመጻፍ አያመነታም፤ ለመደወል ግን ያስባል። ይህች ማመንታት ናት ግማሹን ሥራ የምትሠራው። እስከ ዛሬ በዚህ መንገድ የደወለችልኝ ሁለት ጊዜ ነው። ሁለቱም ጊዜ ነገሩ እውነትም አስቸኳይ ነበር።

የምትልኩበት ሰዓትም ይታሰብበት። እኔ ማክሰኞ በምሳ ሰዓት ነው የላክሁት። የማታ መልእክቷን ተከትላችሁ ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ብትልኩት፣ ማታ አልመልስም የሚለውን ማታ እየመለሳችሁ ነው። ደግሞም በዚያ ሰዓት የተጻፈ ነገር እንደ ቁጣ ይነበባል።

መልሷ አስደነቀኝ። «እሺ፣ በጣም ጥሩ፣ ሰዓቱን ስላወቅኩት እንዲያውም ቀለለኝ» አለች። ከዚያ የራሷን አጫወተችኝ። የምታፈላልጋቸው ሰዎች አብዛኞቹ እንደ እኔ ሥራ ላይ ያሉ ናቸው፤ ቀን ስትደውል አያነሱም። ስለዚህ ማታ ልጆቿን ካስተኛች በኋላ ቁጭ ብላ ለሁሉም ትጽፋለች። በዚያ ሰዓት መልስ አትጠብቅም፤ እንዳትረሳው ብላ ነው የምትልከው። እኔ ግን እየተጠራሁ መስሎኝ ከአልጋ እነሳ ነበር!

የምትቸኩልበትንም ነገረችኝ። ሪክሩተር የሚሠራበት ኤጀንሲ ብዙውን ጊዜ ክፍያ የሚያገኘው ሰው ከተቀጠረ ብቻ ነው። ለአንድ የሥራ ቦታ ሁለትና ሦስት ኤጀንሲ ሊወዳደር ይችላል። አንድን ሰው ሁለት ኤጀንሲ ከላከው ደግሞ «ማን ቀድሞ አቀረበው» የሚል ጭቅጭቅ ይነሳል፤ አንዳንድ ድርጅት በዚህ ምክንያት ሰውየውን ጭራሽ ይተወዋል። «አዎ፣ በእናንተ በኩል ልቅረብ» የሚል የጽሑፍ ማረጋገጫ ቶሎ የሚፈልጉት ለዚህ ነው። ይህን ካወቅኩ በኋላ የትኛው ጥያቄ እውነት እንደሚቸኩል መለየት ቀለለኝ። የኢንተርቪው ሰዓት መቀየር፣ የኦፈር ቀነ ገደብና ይህ ማረጋገጫ ያስቸኩላሉ። ሲቪ በአዲስ ፎርም ማስተካከል፣ «ሌላም ቦታ አለ፣ ትፈልጋለህ?» እና የደሞዝ ጥያቄ ሰኞ ይደርሳሉ። በተለይ ደሞዝ፤ እሱን ማታ መመለስ ምን እንደሚያስከፍል ነግሬያችኋለሁ።

ሳይገባኝ ሲቀር አንዲት ጥያቄ እጠይቃለሁ፦ «እስከ ስንት ሰዓት ይፈለጋል? ቀኑን የቆረጠው ድርጅቱ ነው ወይስ አንቺ?» ድርጅቱ ከሆነ ሰዓቱን ትነግረኛለች። እሷ ከሆነች ብዙ ጊዜ «አይ፣ ሰኞም ይሆናል» ነው መልሱ።

ሁሉም ነገር በአንድ መልእክት አልተስተካከለም። በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ቅዳሜ ማታ፣ «ሲቪህን በላክሁልህ ፎርም አስተካክለህ ዛሬ ላክልኝ» የሚል መጣ። ከፈትኩት። በቴሌግራም አንዱ ራይት መላኩን፣ ሁለተኛው መነበቡን ስለሚናገር፣ እንዳየሁት አይታለች። ጨነቀኝ። አይቶት ዝም አለ ትላለች ብዬ ጣቴ ኪቦርዱ ላይ ደርሶ ነበር።

አልመለስኩም። «ተስማምተን አልነበር እንዴ?» የሚል አስታዋሽም አልጻፍኩም። ገደቡን የሚያስታውሳት የምመልስበት ሰዓት ነው። አንዴ ቅዳሜ ማታ ከመለስኩ የማክሰኞውን መልእክት ሰረዝኩት ማለት ነው፣ የፈለገ በትሕትና የተጻፈ ቢሆን። መነበቡ ቢታያት ምንም አይደለም፤ ማንበብና መመለስ የተለያዩ ናቸው።

ግን የሚረብሸኝ ነገር ነበር። ካልመለስኩት ጭንቅላቴ ውስጥ ሲዞር ያድራል። ስለዚህ ሲቪውን እሁድ ጠዋት አስተካከልኩና መልሱን ጽፌ ለሰኞ ቀጠርኩት። ቴሌግራም ላይ የመላኪያዋን ቁልፍ ተጭናችሁ ስትይዙ Schedule Message የሚል ይመጣል፤ ቀንና ሰዓት ትሞላላችሁ። ስልካችሁ ቢዘጋም በሰዓቱ ይሄዳል። ሰኞ 6 ሰዓት ተኩል ብዬ ሞላሁ፣ ደስ ብሎኝ ወደ ጉዳዬ ሄድኩ።

ይህም የራሱ ጣጣ አለው። ሰኞ ጠዋት «ያ ቦታ ለጊዜው ቆሟል፣ ድርጅቱ ቅጥሩን አቁሞታል» ብላ ጻፈች። እኔ ስብሰባ ላይ ነበርኩ። በ6 ሰዓት ተኩል የእኔ መልእክት «ሲቪው ይኸው፣ ስለ ቦታው በጣም ጓጉቻለሁ» እያለ ሄደ። የሷን ጽሑፍ ያላነበብኩ፣ ወይም ጆሮ የሌለኝ መሰልኩ። ከዚያ ወዲህ የቀጠርኩት መልእክት ካለ፣ ከመሄዱ በፊት አዲስ የመጣ ነገር መኖሩን አያለሁ። የቀጠራችኋቸው መልእክቶች እዚያው ቻት ውስጥ ይቀመጣሉ፤ መሰረዝም ማስተካከልም ይቻላል።

በዚያው ሰሞን አንድ ነገር ጠየቅኋት፣ ከሁሉም የረዳኝ እሱ ነው። ማታ የምትጽፈው እንዳትረሳ ከሆነ፣ እንዳትጽፍ ማድረግ ሥራዋን ማበላሸት ነው። ስለዚህ «ማታ ጻፊልኝ፣ ግን ድምፅ ሳይኖረው ላኪው» አልኳት። እዚያው የመላኪያዋ ቁልፍ ላይ Send Without Sound የሚል አለ። መልእክቱ ይደርሳል፣ ስልኩ ግን አይጮህም። መኖሩን አታውቅም ነበር። ስክሪንሾት ላክሁላት። እሷ ከጭንቅላቷ አወረደችው፣ እኔም ተኛሁ።

እሷ ስትረሳው ደግሞ እንዳልረበሽ ስልኬ ላይ ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ሁሉንም ድምፅ የሚያጠፋውን አሠራር አብርቻለሁ፤ ቤተሰብ ብቻ እንዲያልፍ አድርጌ። «ከ3 ሰዓት በኋላ አላነሳም» ያልኩት በቃል ብቻ እንዳይቀር ነው። ኦንላይን መሆኔ እንዳይታያትም የመጨረሻ የታየሁበትን ሰዓት ከእሷ ደብቄው ነበር። ያኔ ግን እኔም የእሷን ማየት አልቻልኩም፣ ልውውጡ እንደዚያ ነው። በኋላ መልሼ ከፈትኩት። ማታ 4 ሰዓት ላይ ኦንላይን ሆኜ ለእሷ አለመመለሴ ነውር አይደለም፤ ከጓደኞቼ ጋር እያወራሁ ሊሆን ይችላል። መደበቁ እንዲያውም ጥፋት የሠራሁ እንዲመስለኝ አደረገኝ።

ገደቡን ራሴ ያሰፋሁበት ጊዜም አለ። በሁለተኛው ወር አንድ ድርጅት ኦፈር ሊሰጠኝ ተቃረበ። በዚህ ጊዜ ነገሮች በሰዓታት ይቀያየራሉ። እሷ በእኔና በድርጅቱ መካከል ትመላለሳለች፣ እኔ ደግሞ «ከ2 ሰዓት በኋላ አልመልስም» እያልኩ ብደርቅ የምጎዳው እኔው ነኝ። ሰኞ ዕለት እንዲህ ብዬ ጻፍኩላት፦ «ይህን ሳምንት፣ እስከ ዓርብ ድረስ፣ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት አያለሁ። ቁጥር ያለበትን ነገር ግን አድሬበት ጠዋት ነው የምመልሰው። ከዓርብ በኋላ እንደ ቀድሞው ነው።»

«እስከ ዓርብ» የሚለው ካልተጻፈ የሰፋው ሰፍቶ ይቀራል። «አድሬበት» የሚለው ደግሞ ጠቀመኝ። ረቡዕ ማታ 3 ሰዓት ከ40 ላይ «ትንሽ ዝቅ ካደረግህ ነገ ይፈርማሉ፣ ምን ልበላቸው?» አለችኝ። ያቺ የድሮዋ ሌሊት ትዝ አለችኝ። «አየሁት፣ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ እነግርሻለሁ» ብቻ ብዬ ጻፍኩ። ጠዋት ቁጭ ብዬ፣ ወረቀቴን አውጥቼ፣ የምጠይቀውን ቁጥር ደገምኩላት። ከሰዓት በኋላ ተቀበሉት። ማታ ብመልስ ኖሮ ምን እንደምጽፍ ራሴን አውቀዋለሁ።

ሁሉም ሰው እንደ እሷ አይደለም። በዚያው ጊዜ ሌላ ሪክሩተር ይጽፍልኝ ነበር፣ እሱ ወንድ ነው። ያንኑ መልእክት፣ በ«አንተ» ቀይሬ፣ ላክሁለት። «ሥራ ትፈልጋለህ ወይስ አትፈልግም?» አለኝ። ትንሽ ደነገጥኩ፣ አልዋሽም። አልተከራከርኩም። «እፈልጋለሁ፣ ለዚህም ነው በእነዚህ ሰዓቶች ሁሌም የምመልስልህ» አልኩት። በሚቀጥለው እሁድ ማታ ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ደወለ። ሰኞ ስጠይቀው ጉዳዩ ሲቪዬ ላይ ያለ የፊደል ስህተት ነው። «ከዚህ በኋላ በኢሜይል ብቻ እንጻጻፍ፣ አመሰግናለሁ» ብዬ ቻቱን አርካይቭ አደረግኩት። ኢሜይል አልጻፈም። ምን እንዳመለጠኝ አላውቅም። እንዲህ ዓይነቱን ሰው ኦፈር ሲመጣ በእኔና በድርጅቱ መካከል ማቆም ግን አልፈልግም፤ በተቸኮለበት ሰዓት ማንን ወክሎ እንደሚቸኩል አይታወቅም።

አንድ ለየት ያለ ነገር ደግሞ አለ፣ ከገደብ ጋር እንዳይምታታባችሁ። በሌሊት የሚጽፈው ሰው የመታወቂያ ፎቶ፣ በስልካችሁ የመጣ ኮድ ወይም «ለምዝገባ» ገንዘብ «አሁኑኑ» የሚል ከሆነ፣ ለዚያ የጨዋ መልእክት አያስፈልግም። የሌሊቱ ሰዓት የተመረጠው ሳታስቡ እንድትልኩ ነው። አትመልሱ፣ ብሎክ አድርጉት።

አዲሱ ሥራ ከጀመርኩ በኋላም ሪክሩተሯ አልፎ አልፎ ትጽፍልኛለች። «የምታውቀው ጎበዝ ሰው ካለ ጠቁመኝ» ትላለች። መልእክቶቿ ከላይ እስከ ታች ሙሉ ሆነዋል፤ ቦታው ምን እንደሆነ፣ እስከ መቼ እንደምትፈልግ፣ ሁሉም አለበት። «ሰላም፣ አለህ?» ቀርቷል። አንድ ነገር ግን ገርሞኛል። ሁሌም የሚመጡት በምሳ ሰዓት፣ ልክ 6 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። አንድ ደቂቃ አይዛነፍም። ማታ ልጆቿን ካስተኛች በኋላ እየጻፈች ለማግስቱ የምትቀጥረው ይመስለኛል። ጠይቄያት ግን አላውቅም።